ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት የጌጁን መርፌ ማንበብ

አዲስ ቤት ውስጥ የውሃ መስመር ተዘርግቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ከሳኒተሪ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ውሃ ለቀን አይተነዋል፤ አንድም ቦታ አያንጠባጥብም።» ሠራተኛው አልዋሸም። ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ውሃ ለቋል፣ እየዞረ መገጣጠሚያዎቹን በእጁ ዳስሷል፣ ሁሉንም ደረቅ ሆነው አግኝቷቸዋል። በማግስቱ ለሳኙ ይገባና የተፈለፈለውን ብሎኬት ይደፍናል፤ ቀጥሎ ሴራሚክ ይለጠፋል። ከወራት በኋላ ፓምፕ ሲገጠም ወይም የከተማው ውሃ በሌሊት በኃይል ሲመጣ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ ቀለም መላጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ የቱ መገጣጠሚያ እንደሚያፈስ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሴራሚኩን እየነቀሉ መፈለግ ብቻ ነው የሚቀረው።

ነገሩ የት ላይ እንደተሳተ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። ሮቶው ከምድር ቤቱ ቧንቧ በ7 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ መስመሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት 0.7 ባር ነው። ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ደግሞ ከሮቶው በ3 ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ የሚደርሰው 0.3 ባር ነው። የፓምፑ ሳህን ላይ ከፍተኛው የመግፊያ ከፍታ 40 ሜትር ተብሎ ከተጻፈ ግን፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ ሲገፋ መስመሩ ላይ 4 ባር ያርፋል። ስለዚህ «ውሃ ለቀን አየነው» የተባለው ፍተሻ ቤቱ በኋላ ከሚሸከመው ግፊት አንድ አምስተኛውን እንኳ አልሞከረም። በደንብ ያልተበየደ መገጣጠሚያ 0.3 ባርን ችሎ ደርቆ ሊቀመጥ ይችላል፤ 4 ባር ሲመጣበት ነው ላብ እንደያዘው ግንባር ማንዠት የሚጀምረው።

ትክክለኛው ፍተሻ፣ በሳይት ላይ «ፕሬዠር ቴስት» የሚሉት፣ መስመሩን በውሃ ሞልቶ በእጅ ፓምፕ ቤቱ ከሚያየው ከፍተኛ ግፊት በላይ ከፍ ማድረግ፣ ቫልቩን ዘግቶ የጌጁን መርፌ ለተወሰነ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ለአንድ ቤት ግማሽ ቀን ይወስዳል። ዋጋ የሚኖረው ግን ሁለት ነገሮች በትክክል ሲያዙ ብቻ ነው፦ መርፌው ምን እንዳለ እና በስንት ሰዓት ውስጥ እንዳለው።

አሁን በከተሞቻችን በብዛት የሚገባው ቧንቧ ፒፒአር ስለሆነ በእሱ ላይ እናተኩር። ፒፒአር የሚያያዘው በማቅለጥ ነው። ማሽኑ ወደ 260 ዲግሪ ይሞቃል፤ የቧንቧው ጫፍና ፊቲንጉ አንድ ላይ ይሞቁና ወዲያው ተገፍተው ይጋጠማሉ። ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ማሞቂያው 5 ሰከንድ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር 7 ሰከንድ ነው። ከማሽኑ አውጥቶ እስከማጋጠም ድረስ ያለው ጊዜ ደግሞ ከ4 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ክፍት ቦታ ላይ ይህ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው በግድግዳ ማዕዘን ላይ፣ አንድ እጅ ብቻ በሚገባበት ቦታ፣ ወይም ማሽኑ ገና ሳይግል ሥራው ሲጀመር ነው። እንዲህ የተሠራው መገጣጠሚያ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ፕላስቲኩ ግን ተነካካ እንጂ አልተዋሐደም። በዓይንም በእጅም አይለይም፤ የሚያጋልጠው ግፊት ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ። ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ነው፤ ምድር ላይ ወጥ ቤትና የእንግዳ መታጠቢያ፣ ፎቅ ላይ ሁለት መታጠቢያ ቤቶች አሉት። የቀዝቃዛውና የሙቁ መስመር ሲደመር 60 ሜትር ያህል 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧና 20 ሜትር ያህል 25 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ገብቷል። ወፍራሙ፣ 20 ባር የሚል ደረጃ ያለው ቧንቧ ከሆነ፣ ባዶው የውስጥ ቦታ ሲሰላ መስመሩ በሙሉ የሚይዘው ውሃ 12 ወይም 13 ሊትር ብቻ ነው። ይህን የማነሣው «ውሃ ስለሌለ አልተፈተነም» የሚለው ምክንያት ደጋግሞ ስለሚሰማ ነው። ለዚህ ፍተሻ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ይበቃል፤ የከተማው መስመር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስንት ባር ላይ ይፈተን? የተለመደው ደንብ መስመሩ ሊያየው ከሚችለው ከፍተኛ ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ለዚህ ቤት ፓምፑ 4 ባር ይሰጣል፤ የከተማው ውሃ ቀጥታ ሲገባ ሊጨምር ስለሚችል ከፍተኛውን 6 ባር ብለን እንነሣ። አንድ ተኩል እጥፉ 9 ይሆናል፤ ወደ 10 ባር እናሳድገዋለን። የቧንቧው አምራች ከዚህ የሚበልጥ ከጻፈ የእሱ ይያዛል፤ ብዙዎቹ መስመሩ እስከ 10 ባር ይሠራል ብለው ስለሚነሡ መፈተኛውን 15 ባር ያደርጉታል። ዋናው ነገር ቁጥሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተወስኖ መጻፉ ነው። ፓምፑን እየገፉ «ይበቃል» ማለት ሲመጣ የሚበቃው ሁልጊዜ ያነሰው ይሆናል።

ከዚያ በፊት መስመሩ ይዘጋጃል። ቦይለር፣ ሚክሰር፣ የሽንት ቤት ማጠቢያ፣ ሮቶና ፓምፕ መስመሩ ላይ መኖር የለባቸውም፤ ለ10 ባር አልተሠሩም፤ ከተበላሹም የማን ጥፋት እንደሆነ ክርክር ይነሣል። አፎቹ ሁሉ በፕላግ ይደፈናሉ፤ ፕላጉ ላይ ቴፍሎን በደንብ ይጠመጠማል። የሻወሩ ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት አፎች፣ የሙቁንና የቀዝቃዛውን፣ በአጭር ፍሌክሲብል ካገናኙ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆኑና በአንድ ጌጅ ባንድ ጊዜ ይፈተናሉ። የመጨረሻው መገጣጠሚያ ከተበየደ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ሥራው ከሰዓት በኋላ ካለቀ ግን አሳድሮ ጠዋት መፈተን የተሻለ ነው።

ቀጥሎ ውሃው ይሞላል፤ አብዛኛው ፍተሻ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ከታች ወደ ላይ በዝግታ መሞላት አለበት፤ ከፍ ያሉት አፎች ክፍት ሆነው። ውሃው ከታችኛው አፍ ወጥቶ ሲጠራ ያ ይደፈናል፤ ቀጥሎ ከዚያ ከፍ ያለው፤ መጨረሻ ላይ የላይኛው። ከላይኛው አፍ ውሃው እየተፋና እየተቆራረጠ ከወጣ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው፤ ሳይንተፋተፍ ድፍን ብሎ እስኪፈስ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ውሃ በግፊት አይጨመቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በውሃ ብቻ ከተሞላ መስመር ጥቂት ጠብታ ሲወጣ መርፌው ወዲያው ይወርዳል። አየር ግን ይጨመቃል፤ ጠብታ በወጣ ቁጥር የተጨመቀው አየር ሰፋ ይልና የጎደለውን ይሞላል። መርፌውም እምብዛም ሳይነቃነቅ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ጌጁ እያፈሰሰ ያለውን ቤት ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል።

አየር መኖሩን ለማወቅ ሌላም መንገድ አለ። የእጅ ፓምፑን ሲገፉ፣ መስመሩ በውሃ ብቻ ከተሞላ ከጥቂት ግፊት በኋላ መርፌው ከፍ ከፍ ይላል። አየር ካለ ግን ክንድ እስኪዝል ገፍተው መርፌው እያዘገመ ይወጣል። ፍተሻው ካለቀ በኋላም ማረጋገጥ ይቻላል፦ ከ10 ባር ወደ ዜሮ ሲለቁት የሚወጣውን ውሃ በዕቃ ይቀበሉት። የዚህን ቤት ያህል መስመር ከሆነ፣ አየር ከሌለው፣ የሚወጣው ከአንድ የውሃ ብርጭቆ አይበልጥም። እየነፋ ብዙ ውሃ ከወጣ ውስጥ አየር ታምቆ ስለነበር የተነበበው ሁሉ አይታመንም፤ ፍተሻው እንደገና ይጀመራል።

አሁን ስለ ጌጁ። በገበያ ከሚገኙት የእጅ ፓምፖች ብዙዎቹ የሚመጡት እስከ 50 ወይም 60 ባር የሚያነብ ጌጅ ይዘው ነው። እንዲህ ያለው ጌጅ ላይ 10 ባር የሚገኘው ገና በክቡ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በአንዱ መስመርና በቀጣዩ መካከል ያለው ደግሞ 1 ወይም 2 ባር ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ 0.2 ባር ወረደ ወይስ አልወረደም የሚለውን በዚህ ማየት አይቻልም፤ መርፌው ራሱ ከዚያ ይወፍራል። ግማሽ ባር ወርዶ እንኳ ተመልካቹ «ያው ነው» ይላል፤ ደግሞም ያው ይመስላል። ስለዚህ እስከ 16 ባር የሚያነብ፣ ፊቱ ሰፋ ያለና 0.1 ወይም 0.2 ባርን ለይቶ የሚያሳይ ጌጅ ለብቻው ገዝቶ መግጠም ያስፈልጋል። ፍተሻው 15 ባር ላይ ከሆነ ደግሞ እስከ 25 የሚያነበው ይሻላል። ፓምፑን ከሠራተኛው ቢዋሱም፣ ጌጁን ግን ባለቤቱ ቢገዛው አይቆጭም፤ ከአንድ ካርቶን ሴራሚክ ጋር እንኳ የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ጌጁ የሚቀመጥበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በፓምፑና በመስመሩ መካከል ቫልቭ መኖር አለበት፤ ጌጁም ከቫልቩ ወዲያ፣ በመስመሩ በኩል መሆን አለበት። ጌጁ ፓምፑ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከፓምፑ የውስጥ ማገጃ ወደ ኋላ የሚያመልጠው ውሃ ቧንቧው ያፈሰሰ ያስመስላል። ወይም ደግሞ ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ጌጁ የሚያነበው የራሱን የፓምፑን ግፊት ብቻ ይሆናል፤ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን አያይም። ከፍታውም ይቆጠራል። ጌጁ ከመስመሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ምድር ቤት ውስጥ ይደረግ፤ ፎቅ ላይ በ4 ሜትር ከፍ ያለው መታጠቢያ የሚያየው ግፊት ጌጁ ከሚያነበው በ0.4 ባር ያነሰ እንደሆነ ይታወቅ። ፓምፑ ከመገፋቱ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መቀመጡን ማየትም አይዘንጋ። ንባቡ ሲወሰድ ዓይን ከመርፌው ፊት ለፊት ይሁን፤ ጌጁን በጣት ቀስ ብሎ ነካ ማድረግ የተጣበቀ መርፌን ያላቅቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ ፒፒአር ከብረት ቧንቧ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ። ግፊት ሲመጣበት ጥቂት ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ወዲያው አያቆምም፣ ለተወሰነ ጊዜ በዝግታ መስፋቱን ይቀጥላል። ውስጡ ሲሰፋ ግፊቱ ይወርዳል፤ ምንም ሳያፈስ። ይህን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሚያየውን መውረድ እንደ ፍሳሽ ቆጥሮ ይደነግጣል፤ የሚያውቅና ሥራውን ቶሎ ማስረከብ የሚፈልግ ደግሞ ማንኛውንም መውረድ «ቧንቧው ሲለጠጥ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አምራቾች የሚያትሙት የፍተሻ መመሪያ ሁለት ክፍል ያለው ሁለቱንም ለመለየት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ግፊቱ ወደተወሰነው ቁጥር ይወጣል፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ በየ10 ደቂቃው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይሞላል፤ ከዚያ ሳይነካ ሌላ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ በዚህ ግማሽ ሰዓት ከ0.6 ባር በላይ መውረድ የለበትም። ሁለተኛው ክፍል ወዲያው ይቀጥላል፦ ሁለት ሰዓት ሳይነካ ይቆማል፤ መውረድ የሚችለው 0.2 ባር ብቻ ነው። የመለጠጡ ጉዳይ በመጀመሪያው ክፍል አብዛኛው ያልቃል፤ በሁለተኛው የሚወርደው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል።

በቤታችን ምን እንደሚሆን እንከተል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግፊቱ 10 ባር ተደረገና ቫልቩ ተዘጋ። 3 ከ10 ላይ መርፌው 9.4 ያነባል፤ ወደ 10 ተሞላ። 3 ከ20 ላይ 9.7፤ እንደገና ወደ 10። ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የሚነካው የለም። 4 ሰዓት ላይ 9.6 ያነባል። በግማሽ ሰዓት 0.4 ወርዷል፤ ከ0.6 በታች ስለሆነ ያልፋል። ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ፣ መነሻው 9.6 ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ 9.4፣ 5 ሰዓት ላይ 9.2፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ 9.0፣ 6 ሰዓት ላይ 8.8።

እዚህ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአወራረዱን ነገር ማየት ይጠቅማል። ቧንቧ የሚለጠጥ ከሆነ መውረዱ እያዘገመ ይመጣል፦ መጀመሪያ ብዙ፣ ከዚያ ጥቂት፣ ከዚያ ምንም። የእኛ ግን በየግማሽ ሰዓቱ እኩል 0.2 እየወረደ ነው፤ አልዘገየም። ይህ የፍሳሽ አካሄድ ነው። መጠኑ ትንሽ እንደሆነም ያሳያል፤ ትንሽ ማለት ግን ችላ የሚባል ማለት አይደለም። በየ5 ሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያወጣ ቀዳዳ በቀን 0.9 ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። ከልስኑ ጀርባ ይህ በየቀኑ ወደ ብሎኬቱ የሚገባ ውሃ ነው።

ፍለጋው ከየት ይጀመር? ጊዜያዊ ከሆኑት ነገሮች። የፓምፑ ማያያዣ፣ የጌጁ ጥርስ፣ ፕላጎቹ፣ ሻወሩ ላይ የተገጠመው ፍሌክሲብል፤ እነዚህ ለፍተሻው ሲባል የገቡና በችኮላ የተጠመጠሙ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ደረቅ ሶፍት ወስዶ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ከሥሩ መጠምጠም ነው፤ ለዓይን የማይታይ እርጥበት ሶፍቱ ላይ ክብ ጥላ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ቤት የወጥ ቤቱ ፕላግ ሥር ሶፍቱ ረጠበ። ተፈታ፣ ቴፍሎኑ ታደሰ፣ ተጠበቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ፍሳሽ ስለተገኘ ነገሩ አለቀ ብሎ። አንድ ቦታ ከተከፈተ መስመሩ ግፊቱን ጥሏል፤ አየርም ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ አየሩ ይወጣል፣ ሁለቱም ክፍል ከመጀመሪያው ይደገማል። በሁለተኛው ዙር መርፌው ከ9.6 ተነሥቶ በሁለት ሰዓት 9.2 ደረሰ። ከበፊቱ ይሻላል፤ ግን አሁንም ከ0.2 በላይ ነው፣ አላለፈም። አሁን ቤቱን ከፋፍሎ መፈለግ ይቀላል። ወደ ፎቅ የሚወጣው መስመር ላይ ያለው ጌት ቫልቭ ተዘግቶ ምድር ቤቱ ለብቻው ሲጠበቅ መርፌው ቆመ። ስለዚህ ጥፋቱ ፎቅ ላይ ነው። ሶፍቱ ይዞ መዞር ተጀመረ፤ ከሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ማዕዘን፣ ወደ ማጠቢያ ሣህኑ የሚታጠፈው የሙቅ ውሃ ኤልቦ ላይ ሶፍቱ ጫፉ ረጠበ። ቦታውን ሲያዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ኤልቦው ከአምዱ ጥግ ተጣብቋል፤ ማሽኑን ይዞ እጅ ማዞር የማይቻልበት ስፍራ ነው። የቀለጠው ጠርዝም በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላ በኩል የለም ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ኤልቦ እንደገና በማሞቅ አይጠገንም፤ ላዩን ማጣበቂያ መቀባትም ለግድግዳ ውስጥ የሚሆን ጥገና አይደለም። ከሁለቱም በኩል ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲስ ኤልቦ አጭር ቧንቧ ተቀጥሎለት ውጭ ጠረጴዛ ላይ ይበየዳል፤ ከዚያ እጅ በሚገባበት ቦታ ላይ በሶኬት ከመስመሩ ጋር ይያያዛል። ግድግዳው ገና ክፍት ስለሆነ ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ሦስተኛው ዙር ይደረጋል። አሁን 9.6፣ 9.5፣ 9.5፣ 9.5፣ 9.5። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ መርፌው አልተነቃነቀም። ይህ ያለፈ ፍተሻ ነው።

የአየሩ ጠባይም ንባቡን ያዛባል። የፒፒአር ቧንቧ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀያየር ግፊቱ ከግማሽ እስከ 1 ባር ሊዛነፍ ይችላል፤ ይህ ከተፈቀደው 0.2 ባር በብዙ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ቀዝቅዞ ያደረ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ቧንቧ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትመታው ይህን ያህል በቀላሉ ይቀያየራል። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል በቫልቭ ተለይቶ ለብቻው ቢፈተን፣ ወይም ደመና ባለበት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ጠንከር ያለ ፍተሻ ይመስላል፤ ነገር ግን ማታና ጠዋት የሙቀቱ ልዩነት ብዙ ስለሆነ የሚነበበው ቁጥር ግራ ያጋባል። የሁለት ሰዓቱ ፍተሻ ያልፍ እንጂ፣ የሌሊቱ እንደ ተጨማሪ ምልክት ብቻ ቢወሰድ ይሻላል።

ፍተሻው የማያሳያቸው ነገሮችም አሉ፤ መርፌው ቆመ ማለት መስመሩ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ማሽኑ ላይ ከመጠን በላይ የቆየ ወይም በኃይል ተገፍቶ የገባ ቧንቧ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ያጠባል፤ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይደፍነዋል። እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ግፊቱን ከማንም በላይ ይችላል፣ ምክንያቱም አያፈስም። ቤቱ ሲያልቅ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ሻወር ውሃው ይቀጥንበታል። ከተደፈነው ቦታ ወዲያ ያለው ክፍል ግፊት ስለማይደርሰውም ያልተፈተነ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መርፌው ካለፈ በኋላ ግፊቱ ይለቀቅና ፕላጎቹ አንድ በአንድ ተከፍተው ከየአፉ ውሃ በእኩል ኃይል መውጣቱ መታየት አለበት። ሻወሩ ላይ የተገጠመው ፍሌክሲብል ሲወልቅም ቀዝቃዛው በቀኝ፣ ሙቁ በግራ መሆኑ ይረጋገጣል፤ መስመር ተዘዋውሮ ከሆነ ግፊት አይናገረውም። የፍሳሽ ቧንቧ ደግሞ ለግፊት የተሠራ ስላልሆነ በዚህ መንገድ አይፈተንም፤ የራሱ የሆነ የውሃ ሙሌት ፍተሻ አለው።

ለባለቤቱ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ንባቡ ሲወሰድ እዚያው ቁሙ፤ ካልተቻለ የምታምኑት ሰው ይቁም። ጌጁን በስልክ ሲጀመርና ሲያልቅ ፎቶ ማንሣት ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። አሁኑኑ ሌላ ፎቶም ያስፈልጋል፦ የተፈለፈለው ግድግዳ በሙሉ፣ ከወለሉና ከበሩ ጠርዝ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ፣ ሜትሩ እየታየ። በኋላ መስታወት ለመስቀል ወይም ቁምሳጥን ለመግጠም ግድግዳ የሚበሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የሳኒተሪ ሠራተኛው ክፍያ የመጨረሻው ክፍል ከዚህ ንባብ ጋር ቢያያዝ ለሁለቱም ይበጃል፤ ጥሩ ሠራተኛ ይህን አይጠላም፤ ከልስኑ በኋላ ለሚመጣው ነገር ማስረጃው እሱው ስለሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ብዙዎች የሚተዉት ነገር ነው። ፍተሻው ሲያልፍ ጌጁን ነቅሎ መሄድ የለም። መስመሩ ወደ 3 ወይም 4 ባር ዝቅ ተደርጎ፣ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ጌጁ በቦታው እንዳለ ልስኑና ሴራሚኩ ይሠራል። ቧንቧን ከብየዳ በኋላ የሚጎዱት ብዙ ናቸው፦ ልስን ለማስተካከል የሚመታ ምስማር፣ የሴራሚክ መቁረጫ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬት ለማስገባት የሚበሳው ድሪል። ባዶ ቧንቧ ሲበሳ ማንም አይሰማም፤ ውሃ ያለው ቧንቧ ሲበሳ ግን እዚያው ይረጫል፣ መርፌውም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሠራተኛው ገና መሣሪያውን ከእጁ ሳያስቀምጥ ቦታው ይታወቃል፤ ሊፈርስ የሚገባውም ከአንድ ክንድ አይበልጥም። የሳይቱ ዘበኛ ወይም ፎርማን ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ማታ ሲዘጋ መርፌውን አይቶ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቢጽፍ ይበቃል። በቀን ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ አያስደነግጥም፤ ጠዋት 3.5 የነበረው ማታ 1 ከሆነ ግን በዚያን ቀን የት ክፍል ውስጥ ማን እንደሠራ ተጠይቆ፣ የዚያ ቀን ሴራሚክ ሙጫው ሳይደርቅ ይነቀላል።